4 ጌት ነው ወይስ 7? ኤስኦፒና ፒኦኤስን በጌትና በኢንፑት ቆጠራ ማወዳደር

«መምህር፣ ፈተና ላይ F(A,B,C,D) = Σm(7,8,10,11,15) በኤስኦፒም በፒኦኤስም አሳንሱ፣ ከዚያ ሁለቱን በጌት ብዛትና በጌት ኢንፑት ብዛት አወዳድሩ ይላል። እኔ ለኤስኦፒው 4 ጌትና 12 ኢንፑት አገኘሁ። የክፍል ጓደኛዬ 7 ጌትና 15 ኢንፑት ነው አለች። ‹አንተ ኢንቨርተሮቹን ረስተሃል› አለችኝ። ማናችን ነን ልክ? ኢንቨርተር ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ቁጥሩ ሲለያይ አሸናፊውስ አይቀየርም?»

የአንተ ቁጥር ልክ ነው። የጓደኛህም ሐሳብ መሠረት አለው፤ ኢንቨርተር የሚቆጠርበት አቆጣጠር በእርግጥ አለ። ግን አንዱን ኢንቨርተር ሁለት ጊዜ ቆጥራዋለች። በእሷ መንገድ ትክክለኛው 6 ጌትና 14 ኢንፑት ነው። አሸናፊው ደግሞ በሁለቱም መንገድ ፒኦኤሱ ነው። እንዲህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ምክንያቱን ካወቅክ፣ ስለ ኢንቨርተር መጨነቅ ያለብህ መቼ እንደሆነ ትለያለህ።

መጀመሪያ ግን የምንቆጥረው መልስ ራሱ ልክ መሆኑን እንይ። ቆጠራው ላይ ነጥብ የሚጥሉ ብዙ ተማሪዎች ስህተታቸው ቆጠራው ላይ አይደለም። ገና ኬ-ማፑ ላይ ቡድን አሳንሰው ይዘው ይመጣሉ። ማፑ ይኸውና፦

```
AB\CD   00   01   11   10
 00      0    0    0    0
 01      0    0    1    0
 11      0    0    1    0
 10      1    0    1    1
```

ከአንዶቹ እንጀምር። ሚንተርም 7 አንድ ጎረቤት ብቻ አለው፣ እሱም 15 ነው። ስለዚህ 7ን ለመያዝ BCD የግድ ነው። ሚንተርም 8ም አንድ ጎረቤት ብቻ አለው። የማፑ ግራና ቀኝ ጠርዝ ስለሚገናኝ ያ ጎረቤት 10 ነው። AB'D'ም የግድ ነው ማለት ነው። አሁን 7፣ 15፣ 8 እና 10 ተሸፍነዋል። የቀረው 11 ብቻ ነው። 11 ከ15 ጋር መሄድ ይችላል፣ ከ10 ጋርም መሄድ ይችላል። ስለዚህ እኩል የሆኑ ሁለት መልሶች አሉ፦

```
F = BCD + AB'D' + ACD
F = BCD + AB'D' + AB'C
```

ጓደኛህ የታችኛውን እንደወሰደች ከቁጥሯ መገመት ይቻላል፤ የአንተ 4 እና 12 ከሁለቱም ስለሚወጣ አንተ የላይኛውን ወስደሃል እንበል። ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ያነሱ ናቸው። አራሚው የትኛውንም ቢያገኝ ሙሉ ነጥብ መስጠት አለበት።

አሁን ዜሮዎቹ። 11 ዜሮዎች አሉ፣ ግን ሦስቱን ብቻ ብናይ ይበቃናል። ሚንተርም 3 ጎኑ ያሉት ዜሮዎች 1 እና 2 ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ሙሉውን የላይኛ ረድፍ ይይዛል፣ A'B' ይሆናል። ሚንተርም 9 ከ1 እና ከ13 ጋር ሆኖ ሙሉውን የ01 ዓምድ ይይዛል፣ C'D ይሆናል። ሚንተርም 14 ከ6 እና ከ12 ጋር ይያያዛል፤ 4ን ጨምረው አራት ይሆናሉ፣ BD' ይሆናል። እነዚህ ሦስት ቡድኖች አንድም ዜሮ አያስቀሩም። ሦስቱም የግድ ስለሆኑ ሌላ አማራጭ የለም።

```
F' = A'B' + C'D + BD'
F  = (A + B)(C + D')(B' + D)
```

የመጀመሪያው መስመር የF ሳይሆን የF' መሆኑን አትርሳ። እሱን ገልብጠህ ወደ ሁለተኛው መስመር ሳትደርስ መቁጠር አትጀምር። የጌቱ ብዛት እንደዚያው ይወጣልሃል፣ ባሮቹ ግን ይዛቡብሃል።

ወደ ቆጠራው እንግባ። ኤስኦፒው ሦስት ብዜቶች አሉት። እያንዳንዱ ብዜት ሦስት ሊተራል ስላለው ሦስት ባለ 3 ኢንፑት ኤንድ ጌቶች ያስፈልጋሉ። የሦስቱን ውጤት የሚሰበስበው ኦር ጌት ደግሞ ራሱ 3 ኢንፑት አለው። ጌቶቹ 3 ሲደመር 1፣ ማለትም 4 ናቸው። ኢንፑቶቹ 3+3+3 እና የኦሩ 3፣ ማለትም 12 ናቸው። ፒኦኤሱ ሦስት ባለ 2 ኢንፑት ኦር ጌቶችና አንድ ባለ 3 ኢንፑት ኤንድ ጌት ነው። ጌቶቹ እንደገና 4፣ ኢንፑቶቹ 2+2+2+3፣ ማለትም 9።

እዚህ ላይ በብዛት የሚሳሳቱት የመጨረሻውን ጌት ነው። ተማሪው ሊተራሎቹን ይቆጥርና 9 እና 6 ብሎ ይጨርሳል። እነዚያ የሊተራል ቁጥሮች ናቸው፣ የኢንፑት አይደሉም። የመጨረሻውን ጌት የሚመግቡት ሽቦዎችም ኢንፑት ናቸው። ሥራህን በፍጥነት ለማጣራት ሊተራሎቹን ቁጠር፣ ከዚያ የራሳቸው ጌት ያላቸውን ተርሞች ብዛት ጨምርበት። ለኤስኦፒው 9+3=12። ለፒኦኤሱ 6+3=9። ከሥዕሉ ላይ ቆጥረህ ካገኘኸው ጋር ካልገጠመ አንድ ቦታ ተሳስተሃል።

«የራሳቸው ጌት ያላቸውን» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንዴ ተርሙ አንድ ሊተራል ብቻ ይሆናል። ለምሳሌ A + BC። A የራሱ ኤንድ ጌት አያስፈልገውም፣ በቀጥታ ወደ ኦሩ ይገባል። ስለዚህ ጌቶቹ 2፣ ኢንፑቶቹ 4 ናቸው። ለA ባለ 1 ኢንፑት ኤንድ ስለህ 3 ጌትና 5 ኢንፑት ካልክ ተሳስተሃል። በአንተ ጥያቄ ውስጥ እንዲህ ያለ ተርም የለም፣ ግን ፈታኞች ይህችን ወጥመድ ይወዷታል።

ስለዚህ ውድድሩ በጌት 4 ለ4 ነው። በጌት አይለያዩም። በኢንፑት 12 ለ9 ነው፣ ፒኦኤሱ በ3 ስለሚያንስ ያሸንፋል። ጥያቄው ሁለቱንም ቁጥር የሚጠይቀው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ጌት ይታያል፤ ጌቱ እኩል ሲሆን ኢንፑት ይፈርዳል። በማሳነስ ትርጉም ውስጥም ያለው ይኸው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ጥቂት ተርም፣ ከዚያ እኩል ተርም ካላቸው መካከል ጥቂት ሊተራል ያለው ይመረጣል። ሁለቱ መለኪያዎች ተቃራኒ መልስ የሚሰጡበት ጥያቄ ከገጠመህ ሁለቱንም ቁጥር ጻፍና የትኛውን እንዳስቀደምክ በግልጽ ተናገር።

የኢንፑት ቆጠራ የወረቀት ላይ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልህ። በሲሞስ ቺፕ ውስጥ የአንድ ተራ ናንድ ወይም ኖር ጌት እያንዳንዱ ኢንፑት ሁለት ትራንዚስተር ይወስዳል። ኤስኦፒው ወደ ናንድ-ናንድ፣ ፒኦኤሱ ወደ ኖር-ኖር ሲቀየር የጌትም የኢንፑትም ብዛት እንዳለ ይቆያል። በእኛ ምሳሌ 24 ትራንዚስተር ለ18 ማለት ነው። የጌት ብዛት ብቻውን ይህን ልዩነት ጨርሶ አያሳይም፣ ሁለቱንም «4» ብሎ ያልፋቸዋል።

አሁን ወደ ኢንቨርተሩ እንሂድ። ጥያቄው «ቫሪያብሎቹ ከነባራቸው ተዘጋጅተው ይገኛሉ» ካለ ኢንቨርተር አትቆጥርም። ሁሉም ቫሪያብል የሚመጣው ባር በሌለበት መልኩ ብቻ ነው ካለ ትቆጥራለህ። ምንም ካላለ የራስህን ግምት በአንድ መስመር ጽፈህ ቀጥል። «ኢንቨርተር አልተቆጠረም» የሚሉ ሁለት ቃላት በቂ ናቸው። ፈተና ሳርም ያንን መስመር ሳገኝ ተማሪው ምን እየቆጠረ እንደሆነ ስለማውቅ ቁጥሩን በእሱ መንገድ አጣራለሁ። መስመሩ ከሌለ ግን የማየው ባዶ ቁጥር ነው።

ስትቆጥር ኢንቨርተር የሚቆጠረው ለቫሪያብል ነው፣ ለእያንዳንዱ ባር አይደለም። B አንዴ ከተገለበጠ የኢንቨርተሩ ውጤት B' ወደሚፈልገው ጌት ሁሉ በሽቦ ይሄዳል። B' ሁለት ቦታ ቢገባ ሁለት ኢንቨርተር አትገዛም። ጓደኛህ የወሰደችው መልስ BCD + AB'D' + AB'C ነው። በውስጡ ሦስት ባሮች አሉ፣ ሁለቱ ግን የB ናቸው። እሷ 3 ኢንቨርተር ጨመረች፣ 4+3=7 እና 12+3=15 ሆነ። ትክክለኛው ግን ለB አንድ፣ ለD አንድ ነው። 4+2=6 ጌት፣ 12+2=14 ኢንፑት።

የእሷ አቆጣጠር ችግር በደንብ የሚታየው ሁለቱን እኩል ኤስኦፒዎች ጎን ለጎን ስታስቀምጥ ነው። የአንተ መልስ ሁለት ባር አለው፣ የእሷ ሦስት። በእሷ አቆጣጠር የአንተ 14፣ የእሷ 15 ይሆናል። አንዱ ከሌላው የሚሻል ይመስላል። ሲሠሩ ግን ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ ሁለት ኢንቨርተር ነው፤ ሁለቱም 6 ጌትና 14 ኢንፑት ናቸው።

ፒኦኤሱስ? በ(A + B)(C + D')(B' + D) ውስጥ B' እና D' አሉ። ሁለት ኢንቨርተር። 6 ጌት፣ 11 ኢንፑት። ውድድሩ 6 ለ6 እና 14 ለ11 ሆነ። ልዩነቱ አሁንም 3 ነው። በሁለቱም ጎን እኩል 2 ስለተጨመረ ምንም አልተነካም።

ለምን እኩል ሆነ? እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ፣ ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነገር ይኼ ነው። ኤንድና ኦር ጌት አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። ኢንፑታቸው ከ0 ወደ 1 ሲወጣ ውጤታቸው ወይ ባለበት ይቆያል ወይ ይወጣል። በፍጹም አይወርድም። ስለዚህ አንድ ፎርሙላ ውስጥ B እንጂ B' ከሌለ፣ B ከ0 ወደ 1 ሲወጣ F ከ1 ወደ 0 ሊወርድ አይችልም። ፎርሙላው ኤስኦፒ ይሁን ፒኦኤስ ለውጥ የለውም።

አሁን ማፑን ተመልከት። A=1፣ C=0፣ D=0 አድርገህ ያዝ። B=0 ሲሆን ሚንተርም 8 ላይ ነህ፣ F=1 ነው። B ወደ 1 ሲወጣ ሚንተርም 12 ላይ ትደርሳለህ፣ F=0 ነው። B ወጣ፣ F ወረደ። ስለዚህ የዚህ ፈንክሽን ማንኛውም ትክክለኛ መልስ B' ሊኖረው ግድ ነው። Dንም እንደዚሁ ሞክረው። A=1፣ B=0፣ C=0 ያዝ። D=0 ሲሆን 8 ላይ ነህ፣ F=1። D=1 ሲሆን 9 ላይ ነህ፣ F=0። D'ም የግድ ነው።

A እና C ግን እንዲህ አያደርጉም። ማፑ ላይ ጥንድ ጥንዱን ብትፈትሽ A ሲወጣ F የሚወርድበት አንድም ቦታ አታገኝም፣ Cም እንደዚያው። እንዲህ ያለ ቫሪያብል ደግሞ ቡድኖቹ እስከሚቻለው ድረስ ከሰፉ ባር ይዞ አይመጣም። A' ያለበት የአንዶች ቡድን ቢኖር፣ A ወደ 1 ሲሄድም F 1 ሆኖ ስለሚቆይ ቡድኑ ሌላ እጥፍ መስፋት ይችል ነበር፤ A'ም ይጠፋ ነበር። ለዜሮዎቹም ነገሩ በመስታወት እንደታየ ተገልብጦ ይሠራል።

ስለዚህ የትኛው ቫሪያብል ኢንቨርተር እንደሚፈልግ የሚወስነው ፈንክሽኑ ራሱ ነው። የጻፍክበት ቅርጽ አይወስነውም። ሁሉም የማፑ ሳጥኖች 0 ወይም 1 ከሆኑና ሁለቱም መልሶች በትክክል ካነሱ፣ የኤስኦፒውና የፒኦኤሱ ኢንቨርተር ሁልጊዜ እኩል ነው። መቁጠሩ ሁለቱንም ጎን በእኩል ያሳድጋል እንጂ አሸናፊውን አይለውጥም።

ከዚህ አንድ ጥሩ ማጣሪያ ታገኛለህ። ጨርሰህ ስታይ ኤስኦፒህ 2 ኢንቨርተር፣ ፒኦኤስህ 3 ከፈለገ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ወይ አንድ ቡድን ሳታሰፋ ቀርተሃል፣ ወይ F'ን ስትገለብጥ ባር ረስተሃል። በአንተ ጥያቄ ላይ መልስህ ውስጥ A' ወይም C' ካየህ ወደ ማፑ ተመለስ።

አንድ አደገኛ ነገር ግን አለ። አንዱን ጎን ከነኢንቨርተሩ፣ ሌላውን ያለ ኢንቨርተር መቁጠር። የኤስኦፒውን 4 ጌት፣ የፒኦኤሱን 6 ጌት ይዘህ ብታወዳድር «ኤስኦፒው ይሻላል» ትላለህ። ፍጹም የተሳሳተ መደምደሚያ ነው። ፈተና ላይ ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ሥዕል ከነኢንቨርተሩ ስለህ፣ ለሁለተኛው ሰዓት ሲያጥርህ ከፎርሙላው ብቻ ስትቆጥር ነው።

ነገሩ የሚቀየረው ዶንት ኬር ሲገባ ነው። ያንኑ ጥያቄ እንውሰድና አንድ ሳጥን ብቻ እንቀይር። ሚንተርም 9 ከ0 ወደ X ይለወጥ።

```
AB\CD   00   01   11   10
 00      0    0    0    0
 01      0    0    1    0
 11      0    0    1    0
 10      1    X    1    1
```

ኤስኦፒው ላይ Xን 1 ብናደርገው የታችኛው ረድፍ በሙሉ አንድ ቡድን ይሆናል። AB' ብቻ። 7 እና 15ን BCD ይይዛቸዋል። F = AB' + BCD። አንድ ባለ 2 እና አንድ ባለ 3 ኤንድ፣ አንድ ባለ 2 ኦር። 3 ጌት፣ 7 ኢንፑት። ቀድሞ 12 ነበር።

ፒኦኤሱ ላይ A'B' አሁንም በ3 ምክንያት የግድ ነው፣ BD'ም በ14 ምክንያት የግድ ነው። C'Dን የግድ ያደረገው ግን 9 ነበር፣ እሱ አሁን X ሆኗል። የቀሩት ዜሮዎች 5 እና 13 ናቸው። እነሱን C'D መያዝ ይችላል፣ BC'ም መያዝ ይችላል። ስለዚህ ሁለት መልስ አለ፦

```
F = (A + B)(B' + D)(C + D')
F = (A + B)(B' + D)(B' + C)
```

ሁለቱም 4 ጌትና 9 ኢንፑት ናቸው። ያለ ኢንቨርተር ከቆጠርክ አይለያዩም፣ ሁለቱም ሙሉ ነጥብ ያገኛሉ። አሁን ኢንቨርተር ጨምር። የላይኛው B' እና D' አለው፣ ሁለት ኢንቨርተር። የታችኛው B' ብቻ ነው ያለው። ሁለት ቦታ ቢገባም አንድ ኢንቨርተር ነው። የላይኛው 6 ጌትና 11 ኢንፑት፣ የታችኛው 5 ጌትና 10 ኢንፑት ሆኑ። እኩል የነበሩት ተለያዩ።

ቀድሞ እኩል ይሆናል ያልኩህ ነገር ለምን ፈረሰ? አልፈረሰም። ሁለቱ ፎርሙላዎች አንድ ፈንክሽን ስላልሆኑ ነው። A=1፣ B=0፣ C=0፣ D=1 አስገባባቸው። የላይኛው 0 ይሰጥሃል፣ የታችኛው 1። አንዱ Xን 0 አድርጎታል፣ ሌላው 1። D' የግድ ነው ያልነው በ8 እና በ9 ጥንድ ምክንያት ብቻ ነበር። 9 ወደ 1 ሲሄድ ያ ማስረጃ ጠፋ፣ D'ም አብሮ ጠፋ።

ስለዚህ ዶንት ኬር ያለበት ጥያቄ ላይ «ኢንቨርተርን ጨምራችሁ» የሚል ቃል ካየህ፣ ካገኘኸው የመጀመሪያ መልስ ላይ አትቁም። እኩል የሆኑ አማራጮች ካሉ ሁሉንም አውጣና የትኛው ጥቂት ቫሪያብል እንደሚገለብጥ እይ። የላይኛውን ብቻ ይዞ 11 ኢንፑት ብሎ የጻፈ ተማሪ ቆጠራው ልክ ነው፣ ግን ዝቅተኛው 10 ነው። የዚህ ጥያቄ አሸናፊ ደግሞ አሁን ኤስኦፒው ነው። ያለ ኢንቨርተር 3 ጌትና 7 ኢንፑት፣ ከኢንቨርተር ጋር 4 ጌትና 8 ኢንፑት። አንዲት X ውድድሩን ገለበጠችው። «ፒኦኤስ ብዙ ጊዜ ይረክሳል» ወይም «ኤስኦፒ ይሻላል» ብሎ በቃል መያዝ የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ ሁለቱንም ሳታሳንስ የትኛው እንደሚያሸንፍ ማወቅ አትችልም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስና የጥያቄውን ቃል እንይ፣ ቃሉ ቆጠራውን ይለውጠዋልና። «ባለ ሁለት ደረጃ» የሚል ካለ ፋክተር ማውጣት አይፈቀድም። በአንተ ኤስኦፒ ውስጥ BCD እና ACD አሉ፣ CD የጋራቸው ነው። AB'D' + CD(A + B) ብለህ ብትጽፈው 4 ጌትና 10 ኢንፑት ብቻ ይሆናል። ከ12 ወደ 10 ወረድክ፣ ግን ከA ወይም ከB የሚነሳው ምልክት አሁን በሦስት ጌት ያልፋል። ኤስኦፒም አይደለም። ጥያቄው ኤስኦፒና ፒኦኤስ አወዳድሩ ካለ ይህንን ይዘህ አትግባ።

«ባለ 2 ኢንፑት ጌቶችን ብቻ ተጠቅማችሁ» ካለ ደግሞ ትልልቆቹን መበተን አለብህ። ባለ 3 ኢንፑት ጌት በሁለት ባለ 2 ኢንፑት ጌቶች ይተካል። ኤስኦፒው አራት ባለ 3 ጌቶች ነበሩት፣ 8 ጌት ይሆናል። ፒኦኤሱ ሦስቱ ቀድሞውኑ ባለ 2 ናቸው፣ አንዱ ባለ 3 ወደ ሁለት ይበተናል፣ 5 ጌት ይሆናል። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ከሊተራሎቹ ብዛት አንድ ቀንስ። 9-1=8፣ 6-1=5። ኢንፑቶቹ የጌቶቹ እጥፍ ናቸው፣ 16 እና 10። እዚህ ቀድሞ 4 ለ4 የነበረው የጌት ውድድርም ተለያየ።

«በስንት ቺፕ ይሠራል» ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። ኤስኦፒውን በናንድ ከሠራኸው አራት ባለ 3 ናንድ ትፈልጋለህ። 7410 ቺፕ ውስጥ ሦስት ባለ 3 ናንድ ስላለ ሁለት 7410 ያስፈልግሃል። ከስድስቱ ሁለት ጌት ይተርፍሃል። የናንድ ኢንፑቶች አንድ ላይ ሲታሠሩ ኢንቨርተር ስለሚሆን የተረፉት ሁለቱ B' እና D'ን ይሠሩልሃል። ፒኦኤሱን በኖር ከሠራኸው ሦስት ባለ 2 ኖር ከ7402፣ አንድ ባለ 3 ኖር ከ7427 ትወስዳለህ። 7402 አራት ኖር ስላለው አንድ ይተርፋል፣ 7427 ሦስት ስላለው ሁለት ይተርፋል። ኢንቨርተሮቹ ከእነሱ ይወጣሉ። እዚህም ሁለት ቺፕ። በኢንፑት በ3 የሚያንሰው ፒኦኤስ በቺፕ ብዛት ከኤስኦፒው ጋር እኩል ወጣ። ጥያቄህ የጠየቀው ግን ጌትና ኢንፑት ነው፣ ስለዚህ ወረቀትህ ላይ «ጌት 4 ለ4፣ ኢንፑት 12 ለ9፣ ኢንቨርተር አልተቆጠረም፣ ፒኦኤሱ ይመረጣል» ብለህ ጻፍ።